ለመምህሬ የተርም ፔፐር ማራዘሚያ ደብዳቤ፦ ረቂቁን እዩልኝ

ዘስድስት ኪሎ | ሰኞ ታኅሣሥ 20፣ ማታ 3፡10

እንዴት አመሻችሁ። ስድስት ኪሎ የሶሺዮሎጂ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፊታችን አርብ፣ ታኅሣሥ 24፣ የማስረክበው ተርም ፔፐር አለኝ። ከመቶ 40 የሚይዘው እሱ ነው።

እናቴ ኅዳር 29 በድንገት ታማ ሆስፒታል ገባች። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ታኅሣሥ 14 ወጣች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ በሕይወት የለም፣ ታናሽ ወንድሜ ገና 8ኛ ክፍል ነው። መድኃኒት ከውጭ መግዛቱ፣ ደም ማፈላለጉ፣ ናሙና ላብራቶሪ ማድረሱ፣ ሌሊት አጠገቧ ማደሩ፣ ሁሉም በኔ ላይ ነበር። አሁንም ቤት ተኝታለች። ቁስሏን ለማሳጠብ እወስዳታለሁ፣ ምግቧንም የምሠራው እኔ ነኝ።

ጽሑፌ ዶሮ ማነቂያ ይነግዱ የነበሩ ሰዎች፣ ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ የድሮ ደንበኞቻቸውን እንዴት እንደያዙ ነው። ቃለ መጠይቁን እናቴ ከመታመሟ በፊት ጨርሼዋለሁ። የቀረኝ የድምፅ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥና ትንተናው ነው።

መምህሬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ቀን ላይ ጥብቅ ናቸው። ኮርስ አውትላይናቸው ላይ ለዘገየ ጽሑፍ በየቀኑ 5 ነጥብ እንደሚቀነስ ተጽፏል። ይህን አዘጋጅቻለሁ፣ ምን ልጨምር፣ ምን ልቀንስ?

> ለተከበሩ ዶ/ር ____
>
> ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ
>
> በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እኔ ተማሪዎ ____ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ሁኔታ ውስጥ ስለምገኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ወላጅ እናቴ በማሕፀን እጢ ምክንያት ከፍተኛ ደም ስለፈሰሳት ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል የገባች ሲሆን፣ ደም ተሰጥቷት፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሞት ተርፋለች። በዚህም ምክንያት እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግብ አልበላ ብሎኝ፣ ትምህርቴን መከታተል አልቻልኩም። ስለዚህ እንደ አባት አይተው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጡኝ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

---

የፒያሳ ልጅ | ማታ 3፡31

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እንባዬ መጣ። ደብዳቤው ምንም አይጎድለውም፣ እንዳለ ላኪው። ደግሞ አትፍሪ፣ ይሄ መብትሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን አለው። ቤተሰብ የታመመበትን ተማሪ መምህር መከልከል አይችልም። እምቢ ካለ ዲን ቢሮ ሂጂ።

---

ሠራተኛው | ማታ 3፡44

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከባድ ችግር ለደረሰበት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ጥያቄውን ለሰው ኃይል ክፍል አቅርቢ። አለቃሽ ሊከለክልሽ አይችልም።

---

ዘስድስት ኪሎ | ማታ 3፡50

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ተማሪ ነኝ። ሥራ አልጀመርኩም።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ማታ 4፡25

እናትሽን ይማርልሽ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ያንቺ ግን አይደለሁም። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በየሴሚስተሩ መጨረሻ ይደርሱኛል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የፒያሳ ልጅ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ሴኔት ሌጂስሌሽን አለ፣ ፈተና ያመለጠውና ኮርስ ያላጠናቀቀ ተማሪ ጉዳይ በደንብ የሚታየው በዚያ ነው። በኮርሱ ውስጥ የሚሰጥ የአሳይመንትና የተርም ፔፐር ቀን ግን ቀኑን የቆረጠው መምህር ጉዳይ ነው። አንቺ ያለሽው እዚህ ላይ ነው። ዲን ቢሮ የሚያስኬድ ነገር ገና አልተፈጠረም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ምን እንዳመማት በዝርዝር ገባኝ። ምን እንደምትፈልጊ ግን አልገባኝም። «ተጨማሪ ጊዜ» ስንት ቀን ነው? ሦስት ቀን? አንድ ወር? ቀኑን ካልጻፍሽልኝ እኔ ነኝ የማሰላው። ሥራሽ የት እንደደረሰ ስለማላውቅ ደግሞ ማስላት አልችልም። ያኔ ደብዳቤው «በኋላ አየዋለሁ» ከሚባለው ክምር ውስጥ ይገባል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያዩት ነገር አለ። መምህሩም የራሱ ዴድላይን አለው። የሴሚስተሩን ውጤት የሚያስገባበት ቀን ተቆርጦ ተሰጥቶታል። ያንቺ ጽሑፍ እሱ የሌሎቹን እያረመ ሳለ ከደረሰው ማራዘሚያው ምንም አይጎዳውም። ከክምሩ ላይ ይጨምረዋል፣ አለቀ። ውጤት ከሚያስገባበት ቀን ካለፈ ግን «አይ» ሊሰጥሽ ነው፣ ኢንኮምፕሊት ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለታችሁ መካከል መሆኑ ይቀራል። ቅጽ አለው፣ የዲፓርትመንት ፊርማ አለው፣ ሬጅስትራር አለው። ከባድ ልብ የሌለው መምህር እንኳ እዚያ ላለመድረስ «አይሆንም» ይላል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምታጣሪው ውጤት የሚገባበትን ቀን ነው። ተወካያችሁ ሊያውቅ ይችላል፣ ካላወቀ ዲፓርትመንት ጠይቂ። ከዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሪ። የምትጠይቂው ቀን ከዚያ ማለፍ የለበትም።

---

ዘስድስት ኪሎ | ማታ 4፡40

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ሆስፒታል የቆየችበትን ያህል ቀን ብጠይቅ ፍትሐዊ አይሆንም?

---

ጥቁር ሰሌዳ | ማታ 4፡58

ፍትሐዊ ሊመስል ይችላል፣ ግን አያስኬድሽም። የጠፋብሽን ቀን ሳይሆን የቀረሽን ሥራ ቁጠሪ። ስንት ቃለ መጠይቅ አለሽ? ስንቱ ተገልብጧል?

---

ዘስድስት ኪሎ | ማታ 5፡02

8 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ገደማ። 5ቱ ተገልብጠዋል። መግቢያውና የጥናት ዘዴው ተጽፈዋል። ትንተናው ነው ያልተነካው።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ማታ 5፡20

ጥሩ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ የገበያ ጫጫታ ካለበት ከዚያም በላይ። የቀረሽ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሙሉ ቀን የምትሠሪ ብትሆኚ በሁለት ቀን ያልቃል። አንቺ ግን እናትሽን እያስታመምሽ ነው፣ በቀን ሦስት ሰዓት ብታገኚ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ቀን በይው። ለትንተናውና ለመጻፉ አምስት ወይም ስድስት ቀን ጨምሪ። መሐል ላይ ገና አለ፣ ታኅሣሥ 29 ማንም አይሠራም። ከማክሰኞ ብትጀምሪ ጥር መግቢያ ላይ ትደርሻለሽ። ሰኞ ጥር 4 ብትጠይቂ በልበ ሙሉነት ልትከራከሪለት የምትችይው ቀን ነው።

ይህን ስሌት በሙሉ ደብዳቤው ላይ አትጻፊው። ግን «8 ቃለ መጠይቅ፣ 5ቱ ተገልብጧል፣ ትንተናው ቀርቷል» የሚለው መስመር ይግባ። እኔ ይህን ሳነብ ልጅቷ ሥራ እንደጀመረች አውቃለሁ። እናቱ ባይታመሙበትም እስከ አርብ የማይጨርስ ተማሪ እንዲህ ያለ መስመር መጻፍ አይችልም።

---

ሲስተር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

አዳሬን አጠናቅቄ ስወጣ ነው ያየሁት። ነርስ ነኝ። እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ። ስለ ሕመሙ አንድ ነገር ልበል።

የማሕፀን እጢ፣ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፣ ይህ ሁሉ የእናትሽ ጉዳይ ነው። ደብዳቤው የመምህሩ እጅ ላይ ብቻ አይቀርም። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ጸሐፊ ታየዋለች፣ ሌላ መምህር ያየዋል። እናትሽ ይህ እንዲነበብ ፈቅዳለች? «ሆስፒታል ተኝተው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል» ብትዪ ይበቃል። ማንም መምህር ከዚያ በላይ የመጠየቅ ምክንያት የለውም።

ማስረጃ ላይም እንደዚሁ። ስትወጡ የተሰጣችሁን የመውጫ ወረቀት ኮፒ አድርገሽ እንዳታያይዢ። እዚያ ላይ ምርመራው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉ ተዘርዝሯል። ይልቅ ተኝታ የነበረችበት ዋርድ ሄደሽ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ብቻ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጠይቂ። አስታማሚያቸው አንቺ እንደነበርሽ እንዲጠቅስልሽም ጠይቂ። ያከማት ሐኪም ቲተር ያደርግበታል፣ ከዚያ የሆስፒታሉ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ለዚያ ብቻ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።

ሌላው፣ ብዙ ልጆች የሚቸገሩበት ነው። የታመመው አባት ቢሆን የአባቱ ስም በተማሪው ስም ላይ አለ፣ ዝምድናው በግልጽ ይታያል። እናት ስትሆን ግን በወረቀቱ ላይ ያለው የእሷ ስምና የእሷ አባት ስም ነው። ካንቺ ስም ጋር የሚያገናኘው አንድም ፊደል የለም። አንብቦ «ይህቺ ሴት ማን ናት?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ደብዳቤሽ ውስጥ የእናትሽን ሙሉ ስም በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው አድርገሽ ጻፊ። የልደት ሰርተፊኬት ካለሽ ኮፒውን ያዢ። ካልተጠየቅሽ አታውጪው።

---

ዘስድስት ኪሎ | ጠዋት 1፡40

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የስሙን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እናቴን ጠየቅኳት። «ቀዶ ሕክምና ብቻ በይ» ብላለች። ዛሬ ቁስሏን ለማሳጠብ ስንሄድ ዋርዱ ጋ እጠይቃለሁ።

---

የማታ ተማሪ | ጠዋት 2፡05

እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። አባቴ አርፎ ደሴ ሄጄ ሚድ አመለጠኝ። ስመለስ መምህሩ «እኔ ጋ አይደለም» አለኝ። ዲፓርትመንት ላኩኝ፣ እነሱም ሌላ ቢሮ ላኩኝ። ሜክአፕ የተሰጠኝ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ መምህሩን አትጠይቂ፣ ቀጥታ ሬጅስትራር ሂጂ። ጊዜሽን ነው የምታባክኚው።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ጠዋት 2፡30

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ያንተ ግን ፈተና ነው። የሚድና የፋይናል ፈተና መርሐ ግብር የመምህሩ ብቻ አይደለም፣ ለዚህ ነው ያንከራተቱህ። የእሷ ጽሑፍ ነው። ቀኑ ገና አላለፈም፣ መምህሩ ራሱ የቆረጠው ቀን ነው። ሬጅስትራር ብትሄድ «መምህርሽን ጠይቂ» ብለው ይመልሷታል።

---

የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ | ጠዋት 3፡10

ስሜ እንደሚለው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ግን በእጄ ያላለፈ ማመልከቻ የለም። ልጄ፣ እናትሽን ጨርሶ ይማርልሽ።

ጉዳዩ የሚለውን ቀይሪው። «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ በቀን ብዙ ይገባል። የቤት ኪራይ ትብብርም ትብብር ነው። የኮርሱን ስም፣ ተርም ፔፐር መሆኑን፣ የምትጠይቂውን ቀን እዚያው መስመር ላይ አስገቢ። መምህሩ ሌላውን ሳያነቡ እንኳ ምን እንደሆነ ይወቁ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። ይህን አደራ። ሆስፒታሉ በኛ አቆጣጠር ይጽፋል። ኮርስ አውትላይን በፈረንጅ ነው። ታኅሣሥ 24 ማለት ጃንዋሪ 2 ነው፣ ጥር 4 ማለት ጃንዋሪ 12 ነው። «4/5» ብለሽ በቁጥር ብቻ ከጻፍሽ አንዱ ጥር ያነባል፣ ሌላው ሜይ ያነባል፣ ሌላው ኤፕሪል ያነባል። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ። በዚህ የተነሣ ማስረጃውና ማመልከቻው አይገጥሙም ተብሎ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ሁለቱም ወረቀት ትክክል ነበር።

አቀራረብን በተመለከተ፣ በቴሌግራም መላክ አሁን ተለምዷል። መምህሩ ቴሌግራም ላይ ካሉ ዛሬውኑ አጭር መልእክት ላኪ፣ «ደብዳቤ ይዤ መቼ ልምጣ» ብለሽ። ደብዳቤው ግን በወረቀት ይሁን፣ ፈርመሽበት። ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ስትሰጪ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» አስብለሽ ቀንና ፊርማ ተቀበዪ። ለዲፓርትመንቱም ግልባጭ አድርጊ።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ጠዋት 3፡35

እማማ፣ በሌላው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግልባጩ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ጋ የመጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ከታች «ግልባጭ፦ ለዲፓርትመንት ኃላፊ» ካለበት፣ እምቢ እንደምል አስቀድሞ የተገመተ ይመስለኛል። እሺ ልል የነበረውን ሰው አሻክረሽ አትጀምሪ። እምቢ ካለ ያኔ ይደርሳል።

---

የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ | ጠዋት 3፡52

አንተ መምህር ነህ፣ ባንተ በኩል ታየዋለህ። እኔ የማየው የተማሪዎቹን ፋይል ነው። መምህር በቃሉ «እሺ ጥር 4 አምጪ» ይላል። ከዚያ ለትምህርት ውጭ ይሄዳል፣ ወይም ኮርሱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዲሱ መምህር «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል። ልጅቷ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ጠዋት 4፡00

ይህ እውነት ነው። ለዚያ ግን መፍትሔው መምህሩ በደብዳቤው ራስጌ ላይ «ተፈቅዷል እስከ ጥር 4» ብሎ እንዲፈርም መጠየቅ ይመስለኛል። ግልባጭ አያስፈልገውም።

---

የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ | ጠዋት 4፡06

እሱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ግልባጭ እላለሁ።

---

የፒያሳ ልጅ | ጠዋት 4፡20

ዶክተሬ፣ መምህር መሆንህን አከብራለሁ፣ ግን «አትለምኚ» የምትለው ነገር አልገባኝም። ትላንት እንዳለ ላኪው ያልኩት በምክንያት ነው። በኛ አገር ሰው ታላቁን ሲጠይቅ ይለምናል። «እስከ ጥር 4 እንዲራዘምልኝ» ብቻ ብሎ ደረቅ አድርጎ መጻፍ ልክ እንደማዘዝ ነው። ትልቅ ሰው ቅር ይላቸዋል።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ጠዋት 4፡48

አትለምኚ ብዬ አልጻፍኩም፣ ግን ስላነሣኸው ልመልስ። አክብሮቱ ይኑር። «እርስዎ» ይበል፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ይበል፣ ሰላምታው ይግባ። እኔን የሚከብደኝ «ስለ እግዚአብሔር» እና «እግርዎ ሥር ወድቄ» የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ሌላዋም አባቷ ታሞባት ይሆናል፣ ግን ዝም ብላ አርብ ታስረክባለች። እኔ ማመዛዘን አለብኝ። በእግዚአብሔር ስም ስለመናለሁ ግን ማመዛዘን አልችልም፣ እምቢ ብል የእግዚአብሔርን ስም እንደገፋሁ ነው የሚሰማኝ። ያ ለተማሪዋም አይጠቅማትም፣ ምክንያቷ በራሱ በቂ ሆኖ ሳለ በልመና ያገኘችው ይመስላል።

«እንደ አባት» የሚለውንም ብታወጪው ደስ ይለኛል። ይህ ግን የኔ ስሜት ነው። የሚወዱት መምህራን አሉ።

---

ዘስድስት ኪሎ | ማታ 2፡45

ደግ ዋላችሁ። ከሆስፒታል ማስረጃውን አግኝቻለሁ፣ ቀኖቹን ብቻ ይዟል፣ ማኅተም አለው። ዲፓርትመንት ጠይቄ ውጤት የሚገባው ጥር 15 እንደሆነ ነገሩኝ። ጥር 4 ላይ ባስረክብ መምህሩ ከአሥር ቀን በላይ ይኖራቸዋል። አዲሱ ይኸው፦

> ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
> (ዲሴምበር 31፣ 2025)
>
> ለዶ/ር ____
> ሶሺዮሎጂ ዲፓርትመንት
> ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የከተማ ሶሺዮሎጂ ተርም ፔፐር ማስረከቢያ ቀን እስከ ጥር 4 እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስሜ ____፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ____ ሲሆን የ4ኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ።
>
> ወላጅ እናቴ ወ/ሮ ____ ከኅዳር 29 እስከ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (ከዲሴምበር 8 እስከ 23፣ 2025) ሆስፒታል ተኝተው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በቤታችን ሌላ አዋቂ ስለሌለ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ቤት ሆነው እያገገሙ ነው፣ የምንከባከባቸውም እኔ ነኝ።
>
> ጽሑፉ የሚጠበቅብኝ አርብ ታኅሣሥ 24 (ጃንዋሪ 2) ነው። ለጥናቱ ያደረግኳቸው 8 ቃለ መጠይቆች ከሕመሙ በፊት ተጠናቀዋል። 5ቱ ወደ ጽሑፍ ተገልብጠዋል፣ መግቢያውና የጥናት ዘዴውም ተጽፈዋል። የቀሩኝ 3 ቃለ መጠይቆችን መገልበጥና ትንተናው ናቸው።
>
> ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን እስከ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 12፣ 2026) ያለ ነጥብ ቅነሳ እንዲራዘምልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ቀኑ ለእርማት ሥራዎ የማይመች ከሆነ እርስዎ በሚወስኑት ቀን አስረክባለሁ። እስካሁን የተሠራውን ማየት ቢፈልጉ አርብ ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።
>
> ከሆስፒታሉ የተሰጠኝ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዟል።
>
> ስለሚያደርጉልኝ ትብብር ከልብ አመሰግናለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ____ (ፊርማ)

«እንደ አባት» የሚለውን አውጥቻለሁ፣ «በታላቅ ትሕትና» ግን ትቼዋለሁ። መምህሬን ስለማውቃቸው ነው።

---

ሲስተር | ማታ 3፡00

በጣም ጥሩ ነው። የእናትሽ ክብር ተጠብቋል።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ማታ 3፡18

«ያለ ነጥብ ቅነሳ» ያልሽው ጥሩ ነው። ብዙዎች አይጽፉትም። መምህሩ «እሺ አምጪ» ይላል፣ ውጤት ሲወጣ 5 ነጥቡ በየቀኑ ተቀንሶ ይገኛል። መምህሩ ዋሽቶ ሳይሆን ማምጣትን ፈቀደ እንጂ ቅነሳውን ያነሣበት ሰው የለም።

አርብ ከፊሉን ይዘሽ መሄድሽ ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሪ። ሙሉ ጽሑፍ አለመሆኑ ሽፋኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

---

የማታ ተማሪ | ማታ 3፡25

እኔ ከፊሉን አልሰጥም ነበር። ያን አንብቦ ውጤት ቢሰጣትስ? ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ እጃቸው ላይ ካለ «ደርሶኛል» ማለት ነው።

---

የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ | ማታ 3፡40

ስጋቱ እውነት ነው። አሳይታ ትመልስ እንጂ ትታው አትሂድ። የኔ ልጅ፣ ሁለት ኮፒ እንዳትረሺ። ግልባጩን ደግሞ እንደፈለግሽ።

---

ዘስድስት ኪሎ | ሐሙስ ታኅሣሥ 23፣ ቀን 9፡20

ትላንት ጠዋት ቢሮአቸው ሄድኩ። ቆመው አነበቡት። በመጀመሪያ የጠየቁኝ እናቴ እንዴት እንደሆነች ነው። ሁለተኛ የጠየቁኝ የቃለ መጠይቁ ቅጂ ስልኬ ላይ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ አስቀምጬዋለሁ የሚለውን ነው። ከፊሉን ማየት አልፈለጉም። ማስረጃውን ገልጠው ቀኖቹን ከደብዳቤው ጋር አስተያዩ፣ የስሙን ነገር አላነሡም።

ጥር 4 አልሰጡኝም። አርብ ጥር 1 አሉ፣ ያለ ቅነሳ። ቅዳሜና እሑድን የሚያርሙበት ስለሆነ ነው። ደብዳቤው ላይ ጽፈው ፈርመውልኛል። ግልባጭ አላደረግኩም፣ ግን የተፈረመበትን ፎቶ አንሥቼ ለክፍል ተወካያችን ልኬዋለሁ። ሦስት ቀን ስለቀነሰብኝ ትንተናውን ከሁለት ንጽጽር ወደ አንድ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ እሳቸውም ተስማምተዋል።

---

የፒያሳ ልጅ | ቀን 9፡34

ተመስገን! እናትሽን ሰላም በዪልኝ።

---

አምስት ኪሎ | ቀን 10፡15

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። የኔ ደግሞ የቡድን ፕሮጀክት ነው። አራት ነን፣ አባቱ የታመመበት እኔ ብቻ ነኝ። የሦስቱ ክፍል አልቋል። ለቡድኑ በሙሉ ነው ማራዘሚያ የምጠይቀው ወይስ ለኔ ክፍል ብቻ?

---

ጥቁር ሰሌዳ | ቀን 10፡40

አባትህን ይማርልህ። ይህ ከባድ ነው፣ አንድ መልስ የለኝም። እኔ ለራሴ ተማሪዎች የሦስቱን በቀኑ ተቀብዬ የአንዱን ክፍል ለብቻው አርሜ አውቃለሁ። ያ የሚሆነው ግን ሥራው በክፍል ተለይቶ የሚታይ ሲሆን ነው። አንድ ዲዛይን ከሆነ አይከፈልም። በየትኛውም መንገድ ደብዳቤውን ከመጻፍህ በፊት ሦስቱን አነጋግር፣ አራታችሁም ፈርሙበት። ፕሮጀክቱ ምንድን ነው?

---

አምስት ኪሎ | ቀን 10፡52

የድልድይ ዲዛይን ነው። የኔ ክፍል መሠረቱ ነው።

---

ጥቁር ሰሌዳ | ቀን 11፡05

እኔ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ነኝ፣ ግን ሦስቱ ያለ መሠረቱ ምን እንደሚያስረክቡ አይታየኝም። እዚህ የቴክኖሎጂ መምህር ካለ ቢመልስልህ ይሻላል።